ለአዲስ የኤሌክትሪክ ምድጃ ባለ ስንት ሽቦ ላስገባ? (ጅማ፣ ትንሽ ቤት)

ሀዊ ዘቆጪ | ሰኞ ማታ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ቤቴ ጅማ፣ ቆጪ ነው። ሁለት ክፍልና ከኋላ የተያያዘች ማድ ቤት አለችኝ። ግድግዳው ጭቃ ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ከሥሩ ኮርኒስ አለው።

እስከ ዛሬ በከሰልና በአንዲት ባለ አንድ ዓይን ስቶቭ ነበር የምናበስለው። አሁን ባለ አራት ዓይን ምድጃ ከነኦቨኑ ገዛሁ። ከጀርባው የተለጠፈው ወረቀት 220 ቮልት፣ 7000 ዋት ይላል። ምድጃው ገና ከካርቶኑ አልወጣም፤ ያስጨነቀኝ ሽቦው ነው።

የመጀመሪያው ኤሌክትሪሺያን መጥቶ አየና «ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይበቃል» አለኝ። ሁለተኛው «ባለ 4 ይሁን» አለ። ሽቦ የምገዛበት ሱቅ ያለው ልጅ ደግሞ «ባለ 6 ካልሆነ አልሸጥልሽም» አለኝ። የዋጋው ልዩነት ለኔ ቀላል አይደለም። ከብሬከር ሳጥኑ እስከ ምድጃው፣ ሽቦው በኮርኒሱ ላይ ቢሄድ 18 ሜትር ነው። በሜትር ለክተነዋል። በዚያው መስመር የእናቴን የእንጀራ ምጣድም ልሰካ አስቤያለሁ። ማንን ልመን?

ፒንሳ | ሰኞ ማታ 2፡50

እህቴ ሀዊ፣ እኔ የቤት ሽቦ ስዘረጋ 22 ዓመቴ ነው። ብዙው ሥራዬም እዚሁ ጅማና ዙሪያዋ ነው። ከመልሴ በፊት አንድ ነገር ልበል። ሦስቱም ሰዎች ቁጥር ነገሩሽ እንጂ ሽቦው በየት እንደሚሄድ የጠየቀሽ የለም። ለሽቦ ውፍረት ደግሞ መንገዱ ከዋቱ እኩል ይቆጠራል።

ከዋቱ እንጀምር። 7000 ለ220 ሲካፈል 31.8 ይመጣል። ሁሉም ዓይንና ኦቨኑ አንድ ላይ ሙሉ በሙሉ ሲበሩ ምድጃሽ ወደ 32 አምፔር ይስባል ማለት ነው።

አሁን ሽቦዎቹን እንይ። የመዳብ ሽቦ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሆኖ፣ ለብቻው፣ አየሩ 30 ዲግሪ በሆነበት ግድግዳ ላይ ሲሄድ ባለ 2.5 የሚችለው 24 አምፔር ነው። ባለ 4 የሚችለው 32 ነው። ባለ 6 ደግሞ 41። ስለዚህ ባለ 2.5 ያለሽ ሰው ተሳስቷል። ባለ 4 ያለሽ በወረቀት ላይ ልክ አፋፉ ላይ ቆሟል፤ ትርፍ የለውም።

ግን ያንቺ ሽቦ የሚሄደው በኮርኒስና በቆርቆሮ መሃል ነው። እኔ በፀሐይ ቀን እኩለ ቀን ላይ እዚያ ውስጥ ገብቼ ሠርቻለሁ። ሸሚዝ ያስወልቃል። ሽቦ ደግሞ የሚበርደው በዙሪያው ባለው አየር ነው፤ አየሩ ከሞቀ የሚችለው አምፔር ይቀንሳል። እዚያ 45 ዲግሪ ብለን ብንይዝ፣ የሽቦ አቅም ሠንጠረዥ በሚለው በ0.79 እናባዛለን። ባለ 4 ወደ 25 አምፔር ይወርዳል። ባለ 6 ወደ 32። ምሳ የሚሠራው ደግሞ ልክ ቆርቆሮው በጋለበት ሰዓት ነው።

በኮርኒስ ከሄደ ባለ 4 አይሆንም። ባለ 6 ለጥቂት ይደርሳል። በሌላ መንገድ ከሄደ ባለ 6 ምቹ ነው። ምጣዱን በተመለከተ ለብቻው እመለሳለሁ፤ እሱ በዚህ መስመር ላይ መግባት የለበትም።

ሱቅ መርካቶ | ሰኞ ማታ 3፡20

እኔ መርካቶ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው የምሸጠው። ሀዊን «ባለ 6 ካልሆነ» ያላት እኔ አይደለሁም፤ ግን ያለው ልጅ ትክክል ነው። በቀን አምስት ሰው ለስቶቭ ብሎ ባለ 2.5 ይጠይቀኛል። ለአንድ ዓይን ስቶቭ ሰጥቻለሁ፤ ይሠራል። ለባለ አራት ዓይን ግን ቆይቶ ተመልሶ ብሬከር ነው የሚገዛው። «ያስቸግረኛል፣ ትልቅ ስጠኝ» ይላል። ትልቅ ብሬከር ስሰጠው ዝም ይላል። አሁን ነው የገባኝ ምን እየሸጥኩ እንደነበር።

ፒንሳ | ሰኞ ማታ 3፡35

@ሱቅ መርካቶ ስለተናገርከው አመሰግናለሁ። ብሬከሩ የሚጠብቀው ምድጃውን አይደለም፣ ሽቦውን ነው። ባለ 2.5 ሽቦ ላይ የ20 ብሬከር ተደርጎ በተደጋጋሚ ከጠፋ፣ ብሬከሩ ሥራውን እየሠራ ነው። እሱን አውጥቶ 32 ማስገባት ሽቦውን ያለ ጠባቂ መተው ነው። 24 በሚችል ሽቦ ላይ 32 ያልፋል፣ ብሬከሩም አይነካውም።

አንድ ሌላ ነገር ሰዎች አያውቁም። የ32 ብሬከር 32 ላይ ሲደርስ ወዲያው አይጠፋም። እስከ 36 አምፔር ድረስ ለአንድ ሰዓት ዝም ብሎ ሊያሳልፍ ይችላል። በአንድ ሰዓት ውስጥ የግድ ማጥፋት ያለበት 46 አካባቢ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ሽቦው ለጥቂት ከሆነ ብሬከሩ በቶሎ አያድነውም።

ቴክኖ ሦስተኛ ዓመት | ሰኞ ማታ 4፡05

ይቅርታ ጋሼ ፒንሳ፣ እኔ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ነው የምማረው። ትንሽ አብዝተው ያሰሉ ይመስለኛል። የምድጃ ዓይኖች ሁሉ አብረው አይበሩም። ኦቨኑም ሙቀቱ ሲሞላ ራሱ ያጠፋል፤ ሲቀንስ ይመለሳል። ለዚህ ነው ለቤት ምድጃ የሚያገለግል ስሌት ያለው። የመጀመሪያውን 10 አምፔር ሙሉውን ትወስዳለህ፣ ከቀረው 30 በመቶ ትጨምራለህ። 31.8 ሲቀነስ 10፣ 21.8 ይቀራል። ሠላሳ በመቶው 6.5 ነው። ድምሩ 16.5 አምፔር። ባለ 2.5 ሽቦ 24 ይችላል። የመጀመሪያው ኤሌክትሪሺያን ልክ ነበር ማለት ነው፤ ለምን ሀዊ ገንዘቧን ታባክናለች?

የአጋሮ እናት | ሰኞ ማታ 4፡20

ልጆቼ ስለ ሽቦ ውፍረት ስታወሩ እኔም ልጠይቅ። የኔ ምጣድ ስፒና በየሁለት ወሩ ይቀልጣል። ሶኬቱም ጠቁሮ ሽታ አመጣ። ሁለት ጊዜ ቀየርኩት። ሠራተኛው ወፍራም ገመድ ግዢ ብሎኝ ምጣዱ ላይ ያለውን ገመድ በወፍራም አስቀየርኩ። አሁንም ቀለጠ። የባሰ ወፍራም ይኖር ይሆን?

ፒንሳ | ማክሰኞ ጠዋት 1፡40

እማማ፣ ያንቺ ነገር ሽቦ አይደለም። ይቅርታ፣ ያርስዎ ነገር። ጥያቄዎን ሳነብ ሶኬቱ በዓይኔ መጣ፤ በአንድ ወገን ያለው ቀዳዳ ቡናማ ሆኖ፣ ዙሪያው ፕላስቲኩ እንደ ሰም ለስልሶ። ልክ ነኝ? አንዱ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ የሚቃጠለው፣ እዚያ ውስጥ ያለው መዳብ ላልቷል ማለት ነው። ምጣድዎ 3800 ዋት ገደማ ከሆነ 17 አምፔር ይስባል። የተለመደው ሶኬት ለ16 ነው የተሠራው፤ ምጣድ ደግሞ ሦስት ሰዓት ሳያርፍ ይጋገርበታል። ገመዱን ቢያወፍሩት ሶኬቱ ያው ነው። ምጣዱ ያለ ስፒና፣ በቀጥታ ከግድግዳ ላይ ካለ ትልቅ ማብሪያ ይገናኝ። ማብሪያው 32 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ከግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦም ባለ 4 ይሁን። ዋናውን አጥፍቶ የሚያውቅ ሰው ይሥራው፤ ለልጅ አይስጡት።

የአጋሮ እናት | ማክሰኞ ጠዋት 2፡00

አንዱ ቀዳዳ ነው፣ የግራው። እግዜር ይስጥህ። እኔ እኮ ምጣዱ የተበላሸ መስሎኝ ልጥለው ነበር።

ፒንሳ | ማክሰኞ ጠዋት 2፡25

አሁን ወደ @ቴክኖ ሦስተኛ ዓመት። ወንድሜ፣ ስሌቱን ከራስህ አልፈጠርከውም፣ እውነተኛ ነው። ግን ቦታው ሌላ ነው። ያ ስሌት በዋናው መስመር ላይ፣ ከቆጣሪው በሚመጣው ላይ፣ የቤቱን ጠቅላላ ጭነት ስትገምት ያገለግልሃል። ምክንያቱም ምድጃው፣ ምጣዱ፣ ማሞቂያው ሁሉ በአንድ ደቂቃ ሙሉ አይሆኑም። ወደ ምድጃው ብቻ የሚሄደው ሽቦ ላይ ስትመጣ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው። ብሬከሩ ስንት ነው፣ ሽቦውስ ያንን ይችላል ወይ?

ባለ 2.5 ካስገባህ ብሬከሩ ከ20 መብለጥ የለበትም። እሺ ይሁን። ተራ ቀን ሁለት ዓይን ሲበራ ይሠራል። በዓል ሲመጣ፣ በአረፋም ይሁን በፋሲካ፣ ኦቨኑ ዳቦ ይዟል፣ ዶሮ በአንዱ፣ ሩዝ በሌላው፣ ውሃ በሦስተኛው። ያን ጊዜ ብሬከሩ ይጠፋል። እስኪበርድ ይጠብቁታል፣ ይመልሱታል፣ ይጠፋል። በሦስተኛው በዓል አንድ ሰው መጥቶ 32 ያስገባል። ያን ሰው ብዙ ጊዜ አግኝቼዋለሁ። ስለዚህ የምቆጥረው ዛሬ ስንት እንደሚበራ አይደለም።

ቴክኖ ሦስተኛ ዓመት | ማክሰኞ ጠዋት 2፡50

ስለ ብሬከሩ ያሉት ገባኝ፤ ተቀብያለሁ። ባለ 2.5ን ትቼዋለሁ። ግን ባለ 4 ከ25 ብሬከር ጋር አይሆንም? ኮርኒስ ውስጥ ባለ 4 25 ይችላል ብለዋል፤ ልክ ይገጥማል። ሁሉም ሲበራ ብሬከሩ ይጠፋል፣ አደጋ የለም። ዋጋው ደግሞ ከባለ 6 ይቀንሳል።

ፒንሳ | ማክሰኞ ጠዋት 3፡15

ይህ ጥሩ ክርክር ነው። በሕጉ ይሄዳል። እኔ ግን አልወደውም። 31.8 በ25 ብሬከር ላይ ሩብ ያህል ትርፍ ነው። በዚያ ትርፍ ብሬከሩ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይጠፋ ሊቆይ ይችላል። ሽቦው ያን ሰዓት ሁሉ ከሚችለው በላይ ሙቅ ሆኖ፣ ቆርቆሮ ሥር ይተኛል። አንድ ቀን አያቃጥለውም። ዓመት በዓመት ግን ፕላስቲኩ ይደርቃል። አሮጌ ቤት ስከፍት ሽቦውን ጎንበስ ሳደርገው ሽፋኑ እንደ እንቁላል ቅርፊት የሚረግፍ አይቻለሁ። ጭቃ ቤት ውስጥ ደግሞ ጭድና ባህር ዛፍ ነው ያለው።

ለባለ 25 ብሬከር አንዲት ሴት ብቻዋን የምትኖር፣ ሁለት ዓይን የምታበራ ቢሆን ልስማማ እችላለሁ። ሀዊ ግን እናቷም አሉ፣ እንግዳም አለ።

ሰቃ | ማክሰኞ ቀን 6፡30

እኔ ከሰቃ መንገድ ነኝ። ማታ ማታ ኮረንቲ በጣም ይወርዳል፤ አምፖሉ ቀይ ይሆናል። በመለኪያ 190 አይቻለሁ። ቮልት ሲወርድ አምፔር ይጨምራል፤ ስለዚህ ከባለ 6ም በላይ ያስፈልጋል፤ ባለ 10 አድርጊ እህቴ። በሞተር ላይ አይቼዋለሁ፤ የውሃ ፓምፔ በዚህ ነው የተቃጠለው።

ፒንሳ | ማክሰኞ ቀን 7፡10

@ሰቃ ለፓምፕህ ያልከው ልክ ነው፤ ሞተር እንደዚያ ነው። ምድጃና ምጣድ ግን ሞተር አይደሉም፤ የሚግል ሽቦ ናቸው። የሚግለው ሽቦ ቮልት ሲቀንስ አምፔሩም አብሮ ይቀንሳል። የሀዊ ምድጃ በ190 ቮልት 27.5 አምፔር ገደማ ነው የሚስበው፤ ዋቱም ከ7000 ወደ 5200 ይወርዳል። ሽቦው አይጎዳም። የምትጎዳው አብሳይዋ ናት፤ ሽሮው ቶሎ አይፈላም። ባለ 10 ለመምረጥ ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ይህ ግን አይደለም።

ሀዊ ዘቆጪ | ማክሰኞ ማታ 2፡00

ጋሼ ፒንሳ፣ ሁሉንም ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በኮርኒስ ሳይሆን በውጭ ግድግዳ፣ ከጣሪያው ክንፍ ሥር ቢሄድስ? ወንድሜ ለካው፤ 23 ሜትር ይሆናል። ረዘመ ብዬ ነው። ርዝመት ይጎዳል ሲሉ ሰምቻለሁ። ሁለተኛ፣ ምጣዱን ለምን አታስገቢ አሉኝ?

ፒንሳ | ማክሰኞ ማታ 2፡40

እሰይ፣ ይህንን ነበር የምጠብቀው። መንገዱን መቀየር ሽቦ ከማወፈር ይቀድማል።

ርዝመት የሚጎዳው በቮልት ነው። ሽቦው ራሱ ትንሽ ቮልት ይበላል። በባለ 6 ላይ እያንዳንዱ አምፔር በእያንዳንዱ ሜትር 7.3 ሺህኛ ቮልት ያጣል። 23 ሜትር፣ 31.8 አምፔር፣ ሲባዛ 5.3 ቮልት። ከ220 ውስጥ 2.4 በመቶ ነው። አይሰማሽም። በኮርኒስ 18 ሜትር ቢሆን 4.2 ቮልት ነበር። ለአንድ ቮልት ብለሽ ቆርቆሮ ሥር አትግቢ።

ለንጽጽር ያህል፣ በባለ 2.5 እና በ18 ሜትር ከ10 ቮልት በላይ ይጠፋል። የሚጠፋው የትም አይሄድም፤ ሽቦው ውስጥ ሙቀት ይሆናል። 328 ዋት። ሦስት የ100 ዋት አምፖል ግድግዳሽ ውስጥ ቀብረሽ ማብራት ነው። የመጀመሪያውን ኤሌክትሪሺያን ያልተቀበልኩት ለዚህ ነው።

በውጭ ሲሄድ ፀሐይና ዝናብ ያገኘዋል። የጅማን ክረምት ታውቂዋለሽ። ቱቦው ለውጭ የሚሆን ይሁን። ከክንፉ ሥር ጠጋ ብሎ ይሂድ። ወደ ማድ ቤት የሚገባበት ቦታ ላይ ቱቦው ከውጭ ወደ ውስጥ ሽቅብ ያዘነብል፤ ውሃ ተከትሎት እንዳይገባ። በመሃል መጋጠሚያ አይኑር። ከሳጥን እስከ ምድጃ ማብሪያ አንድ ወጥ ሽቦ ይሁን። ፌዙም፣ ኒውትራሉም፣ ኤርዙም ባለ 6።

ስለ ምጣዱ ደግሞ ደምሪው። ምድጃው 31.8፣ ምጣዱ 17.3። አንድ ላይ 49። ባለ 6 አይችለውም። ባለ 10 ይችላል፣ ግን ብሬከሩ 50 ይሆናል፣ ያኔ ምጣዱ ላይ የተገጠመው ቀጭን ገመድ ያለ ጠባቂ ይቀራል። ለምጣዱ ከሳጥኑ የራሱን ባለ 4 ሽቦ በ25 ብሬከር ሳቢ። እሱም በሌላ ቱቦ ይሂድ። ሁለቱ በአንድ ቱቦ ከገቡ እርስ በርስ ይሟሟቃሉ፤ የሁለቱም አቅም ወደ 80 በመቶ ይወርዳል። ባለ 6 ወደ 33 አምፔር ይመጣል። ይሄዳል፣ ግን የተረፈሽን ሁሉ በላሽው።

ሀዊ ዘቆጪ | ማክሰኞ ማታ 3፡05

ከቆጣሪው ወደ ሳጥኑ የሚመጣው ሽቦም አለ። ሳጥኑን ከፍቶ ያየው ልጅ «ባለ 6 ነው» አለኝ። ዋናው ብሬከር 40 ይላል። ቆጣሪው ላይ 5(60) አምፔር የሚል ተጽፏል። ይህ ሁሉ ይችላል?

ፒንሳ | ማክሰኞ ማታ 3፡30

ቆጣሪው በቅንፍ ያለው 60 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ያልፋል። ቆጣሪው ችግር አይደለም። ችግሩ ከቆጣሪው ወደ ሳጥን ያለው ባለ 6 ሽቦና የ40 ብሬከሩ ናቸው። ምድጃ 32፣ ምጣድ 17፣ ፍሪጅና መብራት 5። 54 ይሆናል። ዋናው ይጠፋል።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከቆጣሪ ወደ ሳጥን ያለውን ሽቦ ወደ ባለ 16 ማሳደግ ነው። ይህ መብራት ኃይል ሄደሽ ጠይቀሽ የምታደርጊው ነው እንጂ በራስሽ አታስነኪው። ከምሰሶ ወደ ቤትሽ የሚመጣውም ገመድ መታየት አለበት፤ እሱ በእጄ ስላልሆነ ስንት እንደሚችል ልነግርሽ አልችልም።

ሁለተኛው መንገድ ርካሽ ነው። መለዋወጫ ማብሪያ አለ፤ ጄኔሬተር ያላቸው ቤቶች የሚጠቀሙበት ዓይነት። ወደ ግራ ሲያዞሩት ምድጃ፣ ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ምጣድ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ በፍጹም አይበሩም። ባለ 63 ይሁን። እናትሽ በሳምንት ስንት ቀን ነው የሚጋግሩት?

ሀዊ ዘቆጪ | ማክሰኞ ማታ 3፡40

ሁለት ቀን፤ ረቡዕና ቅዳሜ ጠዋት። እስከ ምሳ ይጨርሳሉ።

ፒንሳ | ማክሰኞ ማታ 3፡45

እንግዲያውስ አለቀ። በዚያ ሰዓት ምድጃው ያርፋል። ሁሉም ቢደመር 37 ነው፤ ከ40 በታች። ዋናው መስመር ለጊዜው ይችላል።

ቴክኖ ሦስተኛ ዓመት | ማክሰኞ ማታ 4፡00

እዚህ ላይ ነው የኔ ስሌት የሚገባው። ምድጃውን በ16.5 ከቆጠርነው ከምጣዱና ከሌላው ጋር 39 አካባቢ ይመጣል፤ መለዋወጫ ሳያስፈልግ ዋናው ሊይዝ ይችላል።

ፒንሳ | ማክሰኞ ማታ 4፡10

ቦታው ልክ ነው አሁን። ምጣድ ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ የሚበራ ነው፤ ያ ስሌት የተሠራበት አገር ምጣድ የለም። እኔ መለዋወጫውን አስገባለሁ። አንተ ትተወዋለህ። ሀዊ ትወስን።

ሱቅ መርካቶ | ረቡዕ ጠዋት 3፡00

አንድ ነገር ሳትሰሙ እንዳትገዙ። «ባለ 6» የተጻፈበት ሁሉ ባለ 6 አይደለም። እኔ ራሴ ከአከፋፋይ ተቀብዬ የመለስኩት ጥቅል አለ። ውስጡ ቀጭን ነበር፤ ሽፋኑ ወፍራም ስለሆነ በዓይን አይታወቅም። አንዳንዱ ደግሞ ከላይ መዳብ ተቀብቶ ውስጡ አሉሚኒየም ነው። በቢላ ፋቅ ሲያደርጉት ነጭ ይወጣል። ጥቅሉም ሲነሳ ክብደቱ ቀላል ነው።

ፒንሳ | ረቡዕ ጠዋት 3፡30

ይህ በጣም ያስፈልጋል። ሀዊ፣ መለኪያ ካሊፐር ከሌለሽ በእርሳስና በማስመሪያ ማወቅ ትችያለሽ። ከጥቅሉ ጫፍ አንድ ስንዝር ተኩል ሽፋኑን ላጪ። ባለ 6 ብዙ ጊዜ ሰባት ክር አለው፤ ቁጠሪ። አንዱን ክር ለይተሽ በእርሳስ ላይ ጠምጥሚ፤ ክሮቹ ተጠጋግተው፣ ክፍተት ሳይኖር፣ አንዱ በሌላው ላይ ሳይወጣ። ስንት ዙር እንደሆነ ቁጠሪና ወርዱን በማስመሪያ ለኪ። ለምሳሌ አሥር ዙር ከሆነ የእውነተኛ ባለ 6 ክር ወርዱ 10 ሚሊ ሜትርና ትንሽ ይሆናል፤ አንዱ ክር 1.04 ነው። ባለ 4 ከሆነ 8.5 ብቻ። 9 ካየሽ፣ የተጻፈው 6 ቢሆንም ያለሽ 4 ተኩል አካባቢ ነው። አትግዢ።

ሀዊ ዘቆጪ | ሐሙስ ማታ 1፡50

ዛሬ ሁለት ሱቅ ሄድኩ። እርሳስና ማስመሪያ ይዤ ነው የገባሁት። የመጀመሪያው ሱቅ ባለቤት ሽቦውን መላጥ አልፈቀደም። ከዚያ ወጣሁ። ሁለተኛው አንዱን ጫፍ ቆረጠልኝ። ሰባት ክር ነው። አሥር ዙር ጠመጠምኩ። ጣቴን አመመኝ፤ መዳቡ ጠንካራ ነው። በማስመሪያው ላይ ከ10 በላይ፣ ከ11 በታች። በቢላ ፋቅኩት፤ ቀይ ነው፤ ነጭ አልወጣም። 23 ሜትር አይደለም፣ 25 ገዛሁ፤ ለማዞሪያና ለማሰሪያ።

ለፌዝ፣ ለኒውትራል፣ ለኤርዝ ሦስቱንም ባለ 6። ብሬከሩ 32። መለዋወጫውንም አገኘሁ፤ ባለ 63 ነው። ቅዳሜ እናቴ ጋግራ ስትጨርስ ሠራተኛው ይመጣል። እማማ የአጋሮ፣ ለርስዎም ከሱቁ ትልቁን ማብሪያ አየሁ፤ ዋጋው እዚህ ጋ አያስደነግጥም።

ያልተፈታልኝ አንድ ነገር ነው። ሠራተኛው «በኮርኒስ ነው የሚቀለኝ» እያለ ነው። በውጭ ስለው መሰላል ይፈልጋል፣ ቀን ይጨምራል አለኝ። ባለ 10 ገዝቼ በኮርኒስ ላስገባው ወይስ በባለ 6 በውጭ ልጸና?

ፒንሳ | ሐሙስ ማታ 2፡20

ባለ 10 በኮርኒስ ውስጥ 45 ዲግሪ ላይ 45 አምፔር ይችላል፤ ከደህንነት አንጻር ይሆናል። ግን ባለ 10 ጠንካራ ነው፤ ምድጃው ማገናኛ ላይ ላይገባ ይችላል፤ የብሬከሩንም ቀዳዳ ያስቸግራል። ክር ቆርጠው ሲያስገቡት አይቻለሁ፤ እሱ ከባለ 6 የባሰ ነው። የመሰላል ቀን ክፈዪውና በውጭ ያድርገው። ባለ 6ቱን ገዝተሻል፤ ልኩ ነው።

ጨርሶ ሲሄድ አንድ ነገር አድርጊ። ሁሉንም ዓይንና ኦቨኑን አብሪና ግማሽ ሰዓት ቆዪ። ከዚያ ብሬከሩን ፊት ለፊቱን፣ የምድጃውን ማብሪያ ሽፋን፣ ቱቦውን በእጅሽ ጀርባ ንኪ። ለብ ማለት ደንብ ነው። እጅሽን ማቆየት ካልቻልሽ አጥፊና ጥሪው፤ ማሰሪያው ላልቷል።

ሰቃ | ሐሙስ ማታ 2፡45

እኔ ባለ 10 ነው የምለው አሁንም። ነገ ሌላ ነገር ብትጨምርስ?

ሀዊ ዘቆጪ | እሑድ ጠዋት 3፡10

ትናንት ተሠራ። በውጭ ነው፤ መሰላሉን ወንድሜ ከጎረቤት አመጣ። ግማሽ ሰዓት ሁሉንም አበራሁ። ቱቦው ቀዝቃዛ ነው። የምድጃው ማብሪያ ለብ ብሏል። ብሬከሩ ከአጠገቡ ካሉት ሞቅ ይላል፤ እጄን ማቆየት ግን እችላለሁ። ጋሼ ፒንሳ፣ ይህ ልክ ነው ወይስ እንደገና ላስጠብቀው?

ፒንሳ | እሑድ ጠዋት 4፡00

32 አምፔር በ32 ብሬከር ሲያልፍ መሞቁ ደንብ ነው። ግን አዲስ መዳብ ከጠበቀ በኋላ ትንሽ ይረጋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዋናውን አጥፍቶ ሠራተኛው ሁሉንም ብሎን አንድ ጊዜ ይጠብቅልሽ።